ሱቅ ተዘግቶ የሚጮኸው ዩፒኤስ

ሞጣ ላይ በቀን መብራት ሲሄድ በዐይን አይታወቅም፤ ፀሐይ አለ። የሚታወቀው በጆሮ ነው። በዋናው መንገድ ግራና ቀኝ ካሉት የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤቶች «ጢጥ… ጢጥ…» የሚል ድምፅ እየተከታተለ ይወጣል። ይህ ጤነኛ ጩኸት ነው። ዩፒኤሱ መብራቱ እንደሄደና ኮምፒውተሩን በባትሪ እንደያዘው እየነገረ ነው፤ የሚጽፈው ሰው ሥራውን አስቀምጦ ኮምፒውተሩን በወጉ ለማጥፋት ጥቂት ደቂቃ አለው። እኔ የማወጋው ስለሌላው ጩኸት ነው፤ መብራት እያለ፣ አምፖሉ ቦግ ብሎ እየበራ፣ ሱቁ ከተከፈተበት እስከሚዘጋበት ስለማያባራው።

እህቴ ጽሕፈት ቤት አላት። ሁለት ኮምፒውተር፣ አንድ ሌዘር ፕሪንተርና አንድ የፎቶ ኮፒ ማሽን አሉ። ከገጠር የሚመጣው ሰው የመሬት ይዞታ ደብተሩን ኮፒ ያስደርጋል፣ የክስ አቤቱታ ያስጽፋል፤ ተማሪው ማመልከቻውን ይዞ ይሰለፋል። ከጠረጴዛው ሥር አንድ ጥቁር ዩፒኤስ ተቀምጧል። ጀርባው ላይ 650 ቪኤ፣ 360 ዋት ይላል። ከተገዛ ገና ዓመት አልሞላውም። እሱ ነው አላስቀምጥ ያለው። አንድ ሽማግሌ ተራቸውን ሲጠብቁ ቆይተው፣ «አንች ልጅ፣ ይኸ ነገር ምን ሆኖ ነው እንዲህ የሚያለቅሰው?» አሏት። «አባባ፣ ባትሪው አርጅቶ ነው ይላሉ» አለቻቸው። ዓመት ያልሞላው ባትሪ አርጅቷል የሚለው ለእኔ አልተዋጠልኝም። እንዲህ ያለው ድፍን ባትሪ በወጉ ከተያዘ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ማገልገል አለበት።

እኔ ከመድረሴ በፊት ግን አንድ ባለሙያ ተጠርቶ መፍትሔ ሰጥቶ ነበር። ሣጥኑን ፈትቶ፣ ከሰርኪዩቱ ላይ ሳንቲም የምታክለውን፣ መሐሏ ቀዳዳ ያላትን ጥቁር ክብ ነገር ነቅሎ አወጣ። ድምፁን የምታወጣው እሷ ናት። ሱቁ ጸጥ አለ፤ ተማሪዎቹም እህቴም ደስ አላቸው። ዋጋውም ተከፈለ።

ከዚያ የፍርድ ቤት ቀጠሮው ለዚያው ቀን ከሰዓት የሆነ ሰው መጣ። ብዙ ገጽ ያለው አቤቱታ ነው። እህቴ መጻፍ ጀመረች። ቀን ነው፣ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፣ አምፖል አልተበራም። በመሐሉ መብራት ሄደ። ዩፒኤሱ ኮምፒውተሩን ለጥቂት ጊዜ ያዘው፤ ነገር ግን የሚነግራት ድምፅ አልነበረም። እሷ ስትጽፍ፣ ሰውየው ሲያስጽፋት፣ ስክሪኑ ድንገት ጥቁር አለ። ያልተቀመጠው ሁሉ ጠፋ። ሰውየው በእጅ የተጻፈ ይዞ ወደ ፍርድ ቤት ሮጠ። እህቴም ማታ ደውላ፣ «ወንድምዓለም፣ ይህን ነገር መጥተህ ካላየህልኝ አውጥቼ እጥለዋለሁ» አለችኝ።

መጀመሪያ ያደረግሁት ያችን ጥቁር ነገር መልሼ መበየድ ነው። ዩፒኤስ ከጥሩ ባትሪ ቀጥሎ ያለው ትልቁ ሀብቱ ጩኸቱ ነው፤ የሚያሰለች ከሆነ ብዙዎቹ ድምፅ የሚያጠፋ ቁልፍ አላቸው፣ እሱም የሚያጠፋው የዚያን ጊዜውን ብቻ ነው። ከዚያ በርጩማ ስቤ አጠገቡ ተቀመጥሁና አዳመጥሁት።

ሰው «ይጮኻል» ይላል እንጂ ጩኸቱ አንድ ዓይነት አይደለም። አሠራሩ እንደ አምራቹ ይለያያል፤ ስለዚህ አብሮት የመጣውን ደብተር ማየት ነው። በአብዛኛው ግን በየጥቂት ሰከንዱ እያረፈ የሚጮኸው በባትሪ እየሠራ ነው። ያው ጩኸት እየፈጠነ ከመጣ ባትሪው ሊያልቅ ነው። ሳያቋርጥ «ጢ—» ብሎ የሚዘልቀው ከአቅሙ በላይ ተጭኖበታል። መብራት እያለ ለአንድ አፍታ ጮኾ ዝም የሚል፣ ከሰዓታት በኋላም ደግሞ የሚመለስበት ከሆነ ደግሞ ራሱን ፈትሾ ባትሪው እንደማይረባ አውቋል። የእህቴ ዩፒኤስ በአንድ ቀን ውስጥ ሁሉንም ጮኸ። ለዚህ ነው ማንም ሊገባው ያልቻለው፤ ችግሩ አንድ አልነበረም።

ወደ ረፋዱ ላይ እያረፈ የሚጮኸውን ጀመረ። አምፖሉን አበራሁት፤ ይበራል፣ ግን ፈዘዝ ብሏል። ከሣጥኑ ውስጥ «ቀጭ፣ ቀጭ» የሚል ድምፅ ይሰማል። ቴስተሩን ሶኬቱ ውስጥ ስከተው 220 መሆን የነበረበት ቮልት ወደ 160 ወርዷል። ሰፈሩ እንጀራ እየጋገረ ነው። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3,000 ዋት በላይ ይስባል፤ በአንድ መስመር ላይ ብዙ ምጣድ አንድ ላይ ሲሰካ መጨረሻ ላይ ያለው ቤት የሚደርሰው የተራረፈው ነው። ዩፒኤሱ ትንሽ የወረደውን ቮልት ራሱ ከፍ ያደርጋል፤ ያ ቀጭታ እሱ ነው። ከልክ በላይ ሲወርድ ግን መስመሩን ትቶ ወደ ባትሪ ይዞራል። ሰው አምፖሉ እየበራ ስለሚያየው መብራት አለ ብሎ ያምናል፤ ለዩፒኤሱ ግን መብራት ሄዷል። ባትሪው በዚህ መሐል እያለቀ ነው። ቢቸና ያለ ወዳጄ ደግሞ በትንሽ ቤንዚን ጀነሬተር ሲሠራ ዩፒኤሱ ቀኑን ሙሉ እንደሚጮኽበት ነግሮኛል። እሱም ተመሳሳይ ነው፤ የትንሹ ጀነሬተር ሞተር ከፍ ዝቅ ሲል በሰከንድ 50 መሆን ያለበት የመብራቱ ምት አብሮ ይዋዥቃል፤ ዩፒኤሱም አልቀበልም ብሎ በባትሪው ይቀጥላል፤ ጀነሬተሩ እየሠራ ባትሪው ያልቃል።

ሳያቋርጥ የሚጮኸው የመጣው ፕሪንተሩ ወረቀት ማውጣት ሲጀምር ነው። ከዩፒኤሱ ጀርባ አንድ ዲቫይደር ወጥቶ ሁለቱም ኮምፒውተርና ሌዘር ፕሪንተሩ እዚያው ላይ ተሰክተዋል። እህቴ «650 ነው የሚለው፤ ሁለት ኮምፒውተርና አንድ ፕሪንተር እንዴት ያቅተዋል?» አለች። ጥያቄዋ ትክክል ነው። ሣጥኑ ላይ ጎልቶ የሚጻፈው ትልቁ ቁጥር ቪኤ ነው፤ የሚሸከመውን የሚናገረው ግን በትንሹ የተጻፈው ዋት ነው። ይኸኛው 360 ዋት ብቻ ነው።

የምን ያህል ዋት ዕቃ እንደተሰካበት ለማወቅ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም፤ ቆጣሪው በቂ ነው። ዲጂታል ቆጣሪ ፊቱ ላይ ብልጭ ብልጭ የምትል ቀይ መብራት አለችው፤ አጠገቧም በአንድ ኪሎዋት ሰዓት ስንት ጊዜ እንደምትበልጭ ተጽፏል። የእህቴ ሱቅ ቆጣሪ 1,600 ይላል። የቀረውን ሁሉ ነቅለን አንድ ኮምፒውተር ከነስክሪኑ ብቻ አስቀረንና ሰዓት ይዤ ቆጠርሁ። 10 ብልጭታ 3 ደቂቃ ከ45 ሰከንድ ገደማ ፈጀ። 1,600 ብልጭታ 1,000 ዋት ሰዓት ከሆነ፣ 10 ብልጭታ 6 ዋት ሰዓት ተኩል አይሞላም፤ ያን በሩብ ሰዓት ሩብ ያህል ጊዜ ከበላ በሰዓት የሚበላው ወደ 100 ይሆናል። ኮምፒውተሩ 100 ዋት ነው ማለት ነው። ሁለቱ ኮምፒውተሮች 200 ይሆናሉ፤ ለ360 አይከብድም። ከዚያ ፕሪንተሩን ብቻ ሰክተን አንድ ገጽ አዘዝን። ቀይዋ መብራት ለመቁጠር እስኪያስቸግር ፈጠነች። ሌዘር ፕሪንተር ቀለሙን ወረቀቱ ላይ የሚያቀልጠው በሙቀት ነው፤ ያ ማሞቂያ በሚሠራበት ቅጽበት ብዙ መቶ ዋት ይስባል፣ ትልልቆቹ ከ1,000 ያልፋሉ። ሥራ ፈትቶ ሲቀመጥ ስለማይስብ ነው ሰው የማይጠረጥረው። ሌዘር ፕሪንተርም ፎቶ ኮፒም ከዩፒኤስ ላይ ፈጽሞ መሰካት የለባቸውም። መብራት ሲሄድ ቢቆሙም ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለው ጽሑፍ አይጠፋም፤ መብራት ሲመጣ እንደገና ማተም ነው።

ፕሪንተሩን ወደ ግድግዳው ሶኬት አዛወርነው። ያ የማያቋርጠው ጩኸት በዚያው ቆመ። የቀረው የባትሪው ነገር ነው፤ እሱን የፈታልኝ ዘበኛው ነው።

የሰፈሩን ሱቆች የሚጠብቁ አንድ አባት አሉ። በር ላይ ቁጭ ብለን ስናወራ፣ «እኔስ ይህን ጩኸት የምሰማው ማታ ነው። ሱቁ ከተዘጋ በኋላ ብቻውን ሲጮኽ ያመሽና እኩለ ሌሊት ሳይደርስ ዝም ይላል» አሉኝ። «ሁልጊዜ ነው ጋሼ?» ብዬ ጠየቅሁ። «በየማታው ነው እንጂ» አሉ። ወደ ውስጥ ገብቼ እህቴን ማታ ስትዘጋ ምን እንደምታደርግ እንድታሳየኝ ጠየቅኋት። ኮምፒውተሮቹን አጠፋች፣ ቦርሳዋን አነሣች፣ በሩ ጀርባ ያለውን ዋናውን ብሬከር ወደ ታች አወረደች። ሣጥኑ ወዲያው «ጢጥ» አለ።

ነገሩ ይኸው ነበር። እሳት ፈርታ ዋናውን ታጠፋለች፤ ልክ ናት። ዩፒኤሱን ግን በራሱ ቁልፍ አታጠፋውም። ለሣጥኑ ብሬከር መውረዱና መብራት መሄዱ አንድ ነው። ምንም ያልተሰካበት ቢሆን እንኳ ራሱን ሊያኖር ባትሪውን እየበላ ያመሻል፤ እስከ ታች ካሟጠጠ በኋላ ይጠፋል። ባትሪውም ባዶውን ያድራል። ጧት እንደገና ይሞላል፤ ማታ እንደገና ይሟጠጣል።

ይህ ባትሪ ለዚህ አልተሠራም። ከውስጥ ያለው የመኪና ባትሪ ዘመድ ነው፤ ፈረንሳዊው ጋስቶን ፕላንቴ በ1859 እ.ኤ.አ. የሠራው የእርሳስና የአሲድ ባትሪ ነው፤ ልዩነቱ አሲዱ እንዳይፈስ በቀጭን የብርጭቆ ጭረት ውስጥ ተመጥጦ መታሸጉ ነው። ኃይል ሲሰጥ ሁለቱም የእርሳስ ሰሌዳዎች ከአሲዱ ጋር ተዋሕደው ነጭ ጨው ያወጣሉ። ሲሞላ ጨው ተመልሶ ይፈታል። ባዶ ሆኖ ሲቆይ ግን ጨው እየጠነከረ ይሄድና አልፈታም ይላል፤ ጨው የሸፈነው ሰሌዳ ደግሞ ኃይል አይዝም። እስከ ታች ተሟጥጦ እንደገና ሲሞላ እንዲህ ያለው ባትሪ የሚችለው ወደ 200 ጊዜ አካባቢ ነው። በየማታው ከሆነ ሰባት ወር አይሞላም። የእህቴ ባትሪ በዕድሜ አላረጀም፤ በአያያዝ አለቀ።

መጽሐፉ ሁሉ ባትሪን የሚገድለው ሙቀት ነው ይላል። እውነት ነው፤ ከ25 ዲግሪ በላይ በየአሥር ዲግሪው ዕድሜው በግማሽ ገደማ ያጥራል፤ መተማ ወይም ሁመራ ላለ ሰው ይህ ዋናው ነገር ነው። ሞጣ ግን ከባሕር ጠለል ከ2,400 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ለባትሪ ምቹ ነው። እኛን የሚጎዳን ባትሪን ባዶ አድርጎ ማሳደር ነው። መብራት ለቀናት በሚጠፋበት ጊዜም እንደዚያው ነው፤ ዩፒኤሱ እስኪሞት ከተጠቀምንበትና መብራቱ ካልተመለሰ፣ ባትሪው እነዚያን ቀናት ሁሉ ባዶውን ይቀመጣል።

አዲስ ባትሪ ከባሕር ዳር መጣ። ከዚህ ወደ 120 ኪሎ ሜትር ነው፤ የሚሄድ ሰው ተፈልጎ፣ ገንዘብ ተልኮ፣ በሚኒባስ መጣ። ባለ 12 ቮልት፣ 7 አምፔር ሰዓት ይላል፤ ልክ ነው። ካርቶኑ ንጹሕ፣ ፕላስቲኩ አልተፈታም። ቀይ ሽቦውን ከቀይ፣ ጥቁሩን ከጥቁር ገጥመን ቀኑን ሙሉ ሞላነው። እህቴ ሁሉ ነገር አበቃ ብላ ዕፎይ አለች። እኔ ግን ሳንለካው አናምነውም አልሁ።

አለካኩ እንዲህ ነው። ኮምፒውተሩን ነቅዬ በምትኩ ባለ ክር 100 ዋት አምፖል ሰካሁ። ኮምፒውተሩ 100 ዋት እንደሆነ ቆጣሪው ነግሮናል፤ አምፖሉም ለባትሪው ያው ሸክም ነው፤ ልዩነቱ ድንገት ቢጠፋ የሚጠፋ ጽሑፍ የለውም። አሁን በየቤቱ የምንጠቀምባቸው ኤልኢዲ አምፖሎች ለዚህ አይሆኑም፤ 9 ወይም 12 ዋት ብቻ ስለሚስቡ ደካማውን ባትሪም ጤነኛ ያስመስሉታል። ባለ ክሩን ማግኘት ራሱ አንድ ሥራ ነበር፤ ከአንድ አሮጌ ሱቅ መደርደሪያ ላይ አቧራውን ጠርገን ነው ያገኘነው። ባትሪው ቢያንስ ስምንት ሰዓት ሳይቋረጥ መሙላት አለበት፤ ያልሞላ ባትሪ መለካት ራስን መዋሸት ነው። ከዚያ ዩፒኤሱን ከሶኬቱ አልነቀልሁትም፤ ሲነቀል የመሬት መስመሩ አብሮ ይቋረጣል። ብሬከሩን ነው ያወረድሁት። ስልኬ ላይ ሰዓት መቁጠር ጀመርሁ።

አዲሱ ባትሪ በስድስተኛው ደቂቃ ጠፋ።

እህቴ «እሺ፣ ስንት መሆን ነበረበት?» አለች። መልሱ ወረቀትና እስክርቢቶ የሚፈልግ ነው። 12 ቮልት በ7 አምፔር ሰዓት ሲባዛ 84 ዋት ሰዓት ይሆናል። ለ100 ዋት ሲካፈል 50 ደቂቃ ይወጣል። ይህ ግን በእውነቱ አይገኝም። አንደኛ፣ ዩፒኤሱ 12ቱን ቮልት ወደ 220 ሲቀይር አንድ አምስተኛ ያህሉ በሙቀት ይባክናል። ሁለተኛው ይበልጣል። ያ 7 ቁጥር የተለካው ባትሪው በ20 ሰዓት ቀስ ብሎ ሲያልቅ ነው። ከባትሪ ላይ ባፈጠኑት ቁጥር የሚሰጠው ጠቅላላ ኃይል ራሱ ያንሳል፤ ይህን ጀርመናዊው ቪልሄልም ፖይከርት በ1897 እ.ኤ.አ. በቀመር አስቀምጦታል። የዓባይን በረሃ ቀስ ብሎ የወጣ ሰው ጫፍ ይደርሳል፣ የሮጠው ግን መንገድ ላይ ይቀራል። አንድ 100 ዋት አምፖል ከባትሪው ላይ ወደ 10 አምፔር ይስባል፤ በዚህ ፍጥነት ጤነኛ ባለ 7 ባትሪ የሚሄደው 20 ደቂቃ ገደማ ነው። ስድስት ደቂቃ ማለት ከሲሶ ያነሰ ነው።

ታዲያ ይህ አዲስ ባትሪ ምን ሆነ? ቴስተር ስናስነካው ከ12.7 ቮልት በላይ ያሳያል፤ ሻጩም በስልክ «ሙሉ ነው እኮ» ብሎ የሚከራከረው በዚህ ነው። ምንም ሳይሸከም ያለ ባትሪ ቮልቱ ስለ አቅሙ አይናገርም። ባትሪውን አውጥተን አንድ የባጃጅ ጋራዥ ወሰድነውና ባለ 12 ቮልት፣ 55 ዋት የመኪና ፋና አምፖል ገጠምንበት። ቴስተሩን እንደያዝን ቁጥሩ ከ12 በታች ወረደና ጥቂት ደቂቃ ሳይቆይ 11ን አልፎ ቁልቁል ሄደ። ጤነኛ ቢሆን ከ12 በላይ ረግቶ ረዘም ላለ ጊዜ በቆየ ነበር። ከጋራዡ አጠገብ ያለ ሱቅ ሚዛን ላይ አስቀመጥነው፤ 1 ኪሎ ከ600 ግራም ሆነ። እንዲህ ያለ ባትሪ ከ2 ኪሎ በላይ መመዘን አለበት። ባትሪ ማለት እርሳስ ነው፤ የጎደለው ክብደት የጎደለ እርሳስ ነው፤ ላዩ ላይ 7 ተብሎ ስለተጻፈ 7 አይሆንም። ጎኑ ላይ በትንሹ የታተመውን የተሠራበትን ቀን ስናነብም ሁለት ዓመት ያለፈው ነው። የታሸገ ባትሪ መደርደሪያ ላይ ሳለም በየወሩ ጥቂት ጥቂት ኃይሉን ያጣል፤ በየስድስት ወሩ ካልሞሉት ያው ጨው እዚያው ካርቶኑ ውስጥ ይሠራበታል።

ጋራዡ ውስጥ ያለው ልጅ ሌላ ምክር ነበረው። «ጋሼ፣ ለምን ትለፋላችሁ? የመኪና ባትሪ ከውጭ በሽቦ ግጠሙበት፤ ሰዓታት ያስኬዳችኋል» አለ። ብዙ ሰው ያደርገዋል። ሁለት ችግር አለው። የትንሽ ዩፒኤስ ትራንስፎርመር የተሠራው ለጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው፤ ሰዓታት ሲሠራ ይግላል፣ ብዙዎቹም ማቀዝቀዣ ማራገቢያ የላቸውም፤ ሰው በሌለበት ሱቅ ውስጥ ይህ እሳት ነው። ሌላው፣ ቻርጀሩ ትንሹን ባትሪ ለመሙላት የተለካ ነው፤ ብዙውን ጊዜ 1 አምፔር እንኳ አይደርስም። 50 አምፔር ሰዓት የመኪና ባትሪ በእሱ ለመሙላት ሳይቋረጥ ከሁለት ቀን በላይ ይፈልጋል፤ እስከዚያ መብራቱ እንደገና ይሄዳል። ባትሪው ሁልጊዜ ጎደሎ ሆኖ ይኖራል፤ ጎደሎ ባትሪ ምን እንደሚሆን አይተናል። ሰዓታት የሚፈልግ ሰው ኢንቨርተር ከተገቢው ባትሪ ጋር ይግዛ።

ባትሪው ወደ ባሕር ዳር ተመለሰ። ይህን ጊዜ የሄደው ዘመዳችን የፋና አምፖሉንና ቴስተሩን ይዞ ነው። ቀኑን አንብቦ፣ በእጁ መዝኖ፣ ሱቁ ውስጥ ገጥሞ አይቶ ወሰደ። ሻጩ መጀመሪያ ቅር ቢለውም በኋላ ራሱ ከመደርደሪያው አንድ አንድ እያወረደ አስፈተሸው። አሮጌውን ባትሪ ሱቁ ተቀብሎታል፤ እርሳሱ ዋጋ አለው። ማንም ቤቱ ውስጥ እንዳይሰብረው፤ በተለይ ሕጻናት ባሉበት የእርሳስ አቧራ መርዝ ነው። ከእህቴ ዩፒኤስ የወጣው ጎኑ አብጦ ነበር፤ እንዲህ ሲሆን በካቻቪቴ ፈልቅቆ ማውጣት አሲዱን ፊት ላይ ማፈንዳት ሊሆን ስለሚችል፣ ሣጥኑን በአራቱም ጎን ፈትተን ነው በቀስታ ያወጣነው።

አዲሱን ሞልተን በዚያው አምፖል ለካነው። 21 ደቂቃ ሄደ። እንደገና ሞልተን ሁለተኛ አምፖል ጨመርን፤ ማለትም ሁለቱም ኮምፒውተሮች ቢሰኩ ምን እንደሚሆን ለማየት። ሰው ግማሹን፣ አሥር ደቂቃ ከምናምን ይጠብቃል። የሄደው 8 ደቂቃ ነው። ሸክሙ እጥፍ ሲሆን ጊዜው ከግማሽ በታች ይወርዳል፤ እህቴ ይህን በዐይኗ ካየች በኋላ ሁለተኛውን ኮምፒውተር ራሷ ነቀለችው። አሁን አቤቱታና ውል የሚጻፍበት ኮምፒውተር ብቻ ነው እዚያ ላይ ያለው።

በፈተናው ጊዜ ሌላም ነገር መዝግበናል፤ ጩኸቱ መፍጠን የጀመረው ሊጠፋ ሁለት ደቂቃ ያህል ሲቀረው ነው። ሁለት ደቂቃ ደግሞ አንድ ረጅም ሰነድ አስቀምጦ፣ የተከፈተውን ሁሉ ዘግቶ፣ ኮምፒውተሩን በወጉ ለማጥፋት አይበቃም። ስለዚህ እህቴ የምትነሣው በመጀመሪያው «ጢጥ» ነው፤ የሚፈጥነውን አትጠብቅም። ማታም በመጀመሪያ የዩፒኤሱን ቁልፍ ተጭና ድምፁ መጥፋቱን ሰምታ ነው ብሬከሩን የምታወርደው። ዘበኛው «ምነው ዝም አለ?» ብለው ጠይቀዋታል።

ዩፒኤሱ ጀርባ ላይ ነጭ ፕላስተር ለጥፈን ባትሪው የገባበትን ቀን፣ 100 ዋትና 21 ደቂቃ ብለን ጽፈናል። ፈተናው ራሱ ባትሪውን እስከ ታች ስለሚያሟጥጠው በየሳምንቱ አይደረግም፤ በዓመት ሁለት ጊዜ ይበቃል። አንዱን ግንቦት መጨረሻ ላይ፣ ክረምቱ ገብቶ መብረቅ መስመሩን ማቋረጥ ሳይጀምር እናደርገዋለን፤ ሌላውን ከመስቀል በኋላ። በዚያው አንድ አምፖል ከ10 ደቂቃ በታች መሄድ ሲጀምር አዲስ ባትሪ እናዝዛለን። ከፈተናው በኋላ ወዲያው መልሶ መሙላት ግዴታ ነው፤ ባዶውን ለማደር አንተወውም።

የቢቸናው ወዳጄ ይህን ስነግረው አምፖሎቹን በሚኒባስ እንድልክለት ጠየቀኝ። የእሱ ባለ 1,000 ቪኤ ነው፤ ሁለት ባትሪ በተከታታይ የተያያዙበት። ሁለት አምፖል ሰክቶ ሲለካ አንድ ደቂቃ አልሞላም። ባትሪ የቀየረው በቅርብ ስለነበር ተናደደ። «ሁለቱንም ነው የቀየርኸው?» አልሁት። አንዱን ብቻ ነበር፤ አንዱ ይበቃል ተብሎ። በተከታታይ ከተያያዙት ውስጥ ደካማው ቀድሞ ሲያልቅ ዩፒኤሱ ሁለቱም ያለቁ መስሎት ያጠፋል፤ ሲሞሉ ደግሞ ደህናው ከመጠን በላይ፣ ደካማው በታች ይሆንና አዲሱም ይበላሻል። ሁለተኛውንም ለወጠውና እንደገና ለካ። በሁለት አምፖል 19 ደቂቃ ሄደለት። አሁን ጀነሬተሩን ለፎቶ ኮፒው ብቻ ትቶታል።